የቲያትርና የአዳራሽ ትኬት በኢንተርኔት ሲቆረጥ፦ የመቀመጫ ካርታና መቀመጫ ለጊዜው የሚያዝበት አሠራር

መግቢያ

ቁጥር ያላቸው መቀመጫዎች ባሏቸው ቲያትር ቤቶችና አዳራሾች ትኬት በኢንተርኔት ሲሸጥ፣ ለገዢው በቅድሚያ የመቀመጫ ካርታ ይቀርብለታል። ገዢው ከካርታው ላይ መቀመጫ ሲመርጥ፣ ክፍያውን እስኪያጠናቅቅ ድረስ መቀመጫው ለተወሰኑ ደቂቃዎች ይያዝለታል። ይህ አያያዝ ሽያጭ አይደለም። ክፍያው በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ካልተረጋገጠ መቀመጫው ተመልሶ ለሁሉም ክፍት ይሆናል። ገንዘብ ተከፍሎ መቀመጫ የማይገኝበት ሁኔታ የሚፈጠረው በእነዚህ ጥቂት ደቂቃዎች መጨረሻ ላይ በመሆኑ፣ ተገልጋዮች አሠራሩን አስቀድመው እንዲያውቁት ይህ ማብራሪያ ተዘጋጅቷል።

የመቀመጫ ካርታ እንዴት ይነበባል?

የመቀመጫ ካርታ አዳራሹን ከላይ ወደ ታች እንደሚያይ ሰው አድርጎ የሚያሳይ ንድፍ ነው። በንድፉ ላይ በቅድሚያ ሊፈለግ የሚገባው መድረኩ ነው፤ ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ የሚለዩት ከእርሱ አንጻር ነውና። ረድፎች በፊደል ወይም በቁጥር፣ መቀመጫዎች ደግሞ በቁጥር ይለያሉ። ፎቅ ያላቸው አዳራሾች ለምድሩና ለፎቁ የተለያየ ንድፍ ስለሚኖራቸው፣ አንድ ዓይነት የረድፍ ስም በሁለቱም ላይ ሊገኝ ይችላል።

ቁጥሮች ተከታታይ መሆናቸው ብቻ መቀመጫዎቹ ጎን ለጎን መሆናቸውን አያረጋግጥም። በአንዳንድ አዳራሾች ጎደሎ ቁጥሮች በአንድ ወገን፣ ሙሉ ቁጥሮች በሌላው ወገን ይደረደራሉ። በእንዲህ ያለ አዳራሽ 11 እና 12 በመተላለፊያ የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የ11 ጎረቤት 13 ነው። ስለዚህ አብረው ለመቀመጥ የሚፈልጉ ሰዎች ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ንድፉን መመልከት ይኖርባቸዋል።

እያንዳንዱ መቀመጫ በቀለም ወይም በምልክት ከአራት ሁኔታዎች በአንዱ ይገለጻል፦

• ክፍት፦ ማንኛውም ገዢ ሊመርጠው የሚችል፤
• ለጊዜው የተያዘ፦ ሌላ ገዢ መርጦት ክፍያውን በመፈጸም ላይ ያለበት፤
• የተሸጠ፦ ክፍያው የተረጋገጠና ትኬቱ የወጣለት፤
• ለሽያጭ ያልቀረበ፦ ለእንግዶች፣ ለመሣሪያ ማስቀመጫ ወይም ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዎች የተለየ።

አንዳንድ ገጾች ለጊዜው የተያዘውንና የተሸጠውን በአንድ ቀለም ያሳያሉ። በዚህ ምክንያት ሙሉ በሙሉ የተሸጠ የሚመስል አዳራሽ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ክፍት መቀመጫዎች ሊታዩበት ይችላል። እነዚህ መቀመጫዎች ሌሎች ገዢዎች ክፍያቸውን ሳይፈጽሙ ጊዜያቸው ያለፈባቸው ናቸው።

መቀመጫ ለጊዜው የሚያዘው ለምንድን ነው?

በትኬት መቁረጫ መስኮት ሻጩና ገዢው ፊት ለፊት ስለሚገናኙ፣ አንዱ ገንዘብ እስኪቆጥር ሌላው ያንኑ መቀመጫ አይወስድበትም። በኢንተርኔት ግን ብዙ ሰዎች በአንድ ቅጽበት አንድ ካርታ ይመለከታሉ። መቀመጫው ክፍያ እስኪያልቅ ክፍት ሆኖ ቢቆይ ሁለት ሰዎች ለአንድ ወንበር ገንዘብ ሊከፍሉ ይችላሉ። ገዢው እንደነካው ወዲያውኑ እንደተሸጠ ቢቆጠር ደግሞ፣ ሳይከፍሉ የሚተዉት ሰዎች አዳራሹን በከንቱ ይዘጉታል። ጊዜያዊ አያያዝ በእነዚህ ሁለት ችግሮች መካከል የተቀመጠ መፍትሔ ነው።

የሚሰጠውን ጊዜ የሚወስነው ሻጩ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይሆናል። ጊዜው በጣም ካጠረ በሞባይል ገንዘብ የሚከፍል ሰው የሚስጥር ቁጥሩን ሳያስገባ ያልፍበታል። በጣም ከረዘመ ደግሞ የማይከፍሉ ሰዎች ጥሩ ጥሩዎቹን መቀመጫዎች ይዘው ሌላውን ያስጠብቃሉ።

ጊዜው የሚቆጠረው የት ነው?

በገዢው ስልክ ላይ ወደ ኋላ የሚቆጥረው ሰዓት ማሳያ ብቻ ነው። ትክክለኛው ቆጠራ የሚካሄደው በሻጩ ማዕከላዊ ኮምፒውተር ላይ ነው። ስልኩ ኔትወርክ ቢያጣ፣ ቢጠፋ ወይም ገጹ ቢዘጋ ቆጠራው አይቆምም።

የተያዘው መቀመጫ የሚታሰረውም ገዢው በከፈተው ገጽ ላይ እንጂ በራሱ በሰውየው ላይ አይደለም። በመሆኑም አንድ ሰው በስልኩ መቀመጫ ከያዘ በኋላ ያንኑ ካርታ በኮምፒውተር ቢከፍት፣ የራሱን መቀመጫ በሌላ ሰው የተያዘ ሆኖ ያገኘዋል። ይህን አይቶ ሌላ መቀመጫ መምረጥ በሁለት ቦታ ክፍያ ወደ መጠየቅ ያመራል። ግዢው በተጀመረበት ስልክና ገጽ ላይ ሊጠናቀቅ ይገባል።

ምሳሌ፦ ጊዜው ካለፈ በኋላ የደረሰ ክፍያ

አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር ቲያትር ለማየት ትፈልጋለች እንበል። የአንዱ መቀመጫ ዋጋ 300 ብር ሲሆን፣ ሻጩ መቀመጫ የሚይዘው ለ10 ደቂቃ ነው። መቀመጫዎቹ በተከታታይ ቁጥር ጎን ለጎን የተደረደሩ ናቸው።

ከምሽቱ 3፡00 ላይ ከረድፍ መ 11፣ 12 እና 13ን ትመርጣለች። ሦስቱም ይያዙላታል፤ ጠቅላላ ዋጋውም 900 ብር ነው። ስሟንና ስልክ ቁጥሯን ሞልታ 3፡03 ላይ በቴሌብር ለመክፈል ስትሞክር፣ በሒሳቧ ያለው 850 ብር ብቻ መሆኑን ታያለች። ከባንክ ሒሳቧ ወደ ቴሌብር ገንዘብ አዛውራ ስትመለስ 3፡09 ሆኗል። የሚስጥር ቁጥሯን አስገብታ ክፍያውን ታጸድቃለች፤ 900 ብሩም ከሒሳቧ ይቀነሳል።

ይሁን እንጂ ገንዘቡ ከሒሳብ መቀነሱና ሻጩ ይህን ማወቁ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ክፍያው የተፈጸመው በአንድ ተቋም ሥርዓት፣ መቀመጫው የተያዘው ደግሞ በሌላ ሥርዓት ነው። በመካከላቸው የሚላከው የማረጋገጫ መልእክት ለሻጩ የደረሰው 3፡11 ላይ ነው። የማቆያው ጊዜ 3፡10 ላይ አልፎ መቀመጫዎቹ ክፍት ሆነዋል። ወዲያውኑም ሌላ ገዢ 12 እና 13ን መርጦ ይዟቸዋል።

በዚህ ጊዜ የሻጩ ሥርዓት ማድረግ የሚገባው፣ መልእክቱ እንደደረሰው ትኬት ማተም ሳይሆን የመቀመጫዎቹን ሁኔታ እንደገና ማየት ነው። ሦስቱም ክፍት ሆነው ቢገኙ ለእናትየዋ ሊሰጧት ይችሉ ነበር። አሁን ግን ክፍት ሆኖ የቀረው 11 ብቻ ነው። ሁለተኛው ገዢ ገና ባይከፍልም መቀመጫዎቹን በአግባቡ ስለያዘ፣ እርሷ ቀድማ መክፈሏ መቀመጫውን ከእርሱ አያስነጥቅም። ስለዚህ ያሉት አማራጮች ሁለት ናቸው፦ በእርሷ ፈቃድ ሌሎች ሦስት ጎን ለጎን ያሉ መቀመጫዎችን መስጠት፣ ወይም 900 ብሩን ሙሉ በሙሉ መመለስ። አንድ ትኬት ብቻ ሰጥቶ 600 ብር መመለስ ቤተሰቡን የሚለያይ በመሆኑ፣ ያለፈቃዷ ሊደረግ አይገባም።

የዚህ ሁሉ መነሻ በሒሳቡ የጎደለው 50 ብር ነው። ሒሳቡ ከምርጫው በፊት ታይቶ ቢሆን ኖሮ ክፍያው 3፡04 አካባቢ ይጠናቀቅ ነበር።

ግዢ ሲፈጸም የሚመከር ቅደም ተከተል

1. ካርታውን ከመክፈት በፊት በሒሳብ ውስጥ በቂ ገንዘብ መኖሩን፣ የአገልግሎት ክፍያ ካለም እርሱን ጨምሮ ማረጋገጥ።
2. የሚመጡትን ሰዎች ብዛትና ተመራጩን የአዳራሹን ክፍል ከቤተሰብ ወይም ከጓደኛ ጋር አስቀድሞ መወሰን። መቀመጫ ይዞ መመካከር የማቆያውን ጊዜ ይጨርሳል።
3. መቀመጫ ከተመረጠ በኋላ የትዕዛዝ ቁጥሩን በወረቀት መጻፍ ወይም ገጹን በፎቶ ማስቀረት።
4. ከ2 ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ከቀረ ክፍያውን አለመጀመር። ጊዜው ሲያልፍ መቀመጫውን እንደገና መምረጥ ይቻላል፤ የተላከ ገንዘብን ማስመለስ ግን ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል።
5. ክፍያው ከጸደቀ በኋላ ትኬቱ እስኪወጣ ድረስ ገጹን አለመዝጋትና ወደ ኋላ አለመመለስ።

የክፍያ ማረጋገጫ መልእክት ትኬት አይደለም። ለምሳሌ በቴሌብር ሲከፈል ከ127 የሚላከው አጭር መልእክት ገንዘቡ መከፈሉን ብቻ ይገልጻል። ትኬት የሚባለው የዝግጅቱን ስም፣ ቀንና ሰዓት፣ ረድፉንና የመቀመጫውን ቁጥር የያዘውና በበሩ ላይ የሚፈተሸው ሰነድ ነው።

ገንዘብ ተከፍሎ ትኬት ሳይደርስ ሲቀር

በቅድሚያ ሁለተኛ ክፍያ መፈጸም አይገባም። የመጀመሪያው ክፍያ ዘግይቶ ሊረጋገጥ ስለሚችል፣ በድጋሚ የከፈለ ሰው ለአንድ ምሽት ሁለት ጊዜ ትኬት ቆርጦ ሊገኝ ይችላል። ጥቂት ደቂቃዎች ጠብቆ በትዕዛዝ ቁጥሩ የግዢውን ሁኔታ መመልከት ተገቢ ነው።

ከዚያ በኋላም ትኬቱ ካልወጣ አቤቱታው የሚቀርበው በመጀመሪያ ለትኬት ሻጩ ነው። መቀመጫውን የሚያስተዳድረውና ተመላሽ የሚያዘው እርሱ ነውና። ሻጩ ገንዘቡ አልደረሰኝም ካለ፣ ተገልጋዩ በግብይት ቁጥሩ አማካይነት ለክፍያ ተቋሙ ማመልከት ይችላል። አቤቱታው የሚከተሉትን መያዝ ይኖርበታል፦

• የትዕዛዝ ቁጥር እና የክፍያው የግብይት ቁጥር፤
• የዝግጅቱ ስም፣ ቀንና ሰዓት፤
• የተመረጡት ረድፍና መቀመጫዎች፤
• የተከፈለው ገንዘብ መጠንና የተከፈለበት ሰዓት፤
• በገጹ ላይ የታየው የመጨረሻ መልእክት፣ ለምሳሌ «ጊዜው አልፏል» የሚለው።

ከእነዚህ ውስጥ ሰዓቱ ከፍተኛ ትኩረት ይሻል። ክፍያው የጸደቀው ከማቆያው ጊዜ በፊት ይሁን በኋላ የሚለየው በእርሱ ነውና። በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት፣ አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም። ስለዚህ ጉዳዩ እልባት እስኪያገኝ ድረስ የክፍያውን አጭር መልእክት ከስልክ ላይ አለማጥፋት ያስፈልጋል። አቤቱታ ሲቀርብ ግን የሚስጥር ቁጥር ለማንም አይሰጥም፤ ተመላሽ ለማድረግ ሻጩም ሆነ የክፍያ ተቋሙ አይፈልገውም።