ብሮንኪዮላይተስ በሕፃናት፦ አንቲባዮቲክ የማይሰጥበት ምክንያትና የአመጋገብና የኦክሲጅን ድጋፍ

ብሮንኪዮላይተስ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን፣ በተለይም አንደኛ ዓመታቸውን ያልደፈኑትን የሚያጠቃ የሳንባ ሕመም ነው። የሚያርፈውም ብሮንኪዮል በሚባሉት፣ አየርን ወደ ሳንባ ከረጢቶች በሚያደርሱት የመጨረሻዎቹ ቀጫጭን ቧንቧዎች ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ መንስኤው አርኤስቪ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው ቫይረስ ሲሆን፣ ሌሎች የጉንፋን ቫይረሶችም ተመሳሳይ ሕመም ያስከትላሉ። ይኸው ቫይረስ በአዋቂዎችና ከፍ ባሉ ልጆች ላይ ከተራ ጉንፋን ላያልፍ ይችላል። ስለዚህም ወደ ሕፃኑ የሚተላለፈው በአብዛኛው እዚያው ቤት ውስጥ ከሚያስነጥስ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ነው።

ሕመሙ በአፍንጫ ፈሳሽና በቀላል ሳል ይጀምራል። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ይበረታል፤ ሕፃኑ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ትንፋሹ የፉጨት ድምፅ ያወጣል፣ መጥባትም ይከብደዋል። በዚህ ጊዜ ወደ ጤና ተቋም የሚሄዱ ወላጆች አንቲባዮቲክ ይታዘዝልናል ብለው ይጠብቃሉ። ሳይታዘዝ ሲቀር ሕክምና እንደ ተነፈጉ የሚቆጥሩ ጥቂት አይደሉም። ይሁን እንጂ በዚህ ሕመም ሕፃኑን የሚያተርፈው ምግብና ፈሳሽ ሳይቋረጥበት መቆየቱ፣ ኦክሲጅን ሲያንሰውም በጊዜ ማግኘቱ ነው።

በቧንቧዎቹ ውስጥ የሚሆነው ነገር

ቫይረሱ የቀጫጭኖቹን ቧንቧዎች የውስጥ ሽፋን ያጠቃል። የተጎዱት ሕዋሳት ይረግፋሉ፣ ሽፋኑ ያብጣል፣ አክታም ይበዛል። እነዚህ ሦስቱ ተደምረው ቀድሞውንም ጠባብ የነበረውን መተላለፊያ ያጠቡታል። አየር በቧንቧ ውስጥ ሲያልፍ የሚገጥመው ተቃውሞ ቧንቧው በጠበበ መጠን በብዙ እጥፍ ያድጋል፤ የቧንቧው ስፋት በግማሽ ቢቀንስ ተቃውሞው ወደ 16 እጥፍ ይደርሳል። ለአዋቂ ሰው እዚህ ግባ የማይባል እብጠት የሦስት ወር ሕፃንን ትንፋሽ የሚያሳጥረው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚተነፍሱ ጡንቻዎች ያለ ዕረፍት ሲሠሩ ሕፃኑ ይደክማል፤ የታችኛው የደረቱ ክፍልም በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ፉጨት የሚመስለው ድምፅ አየሩ በጠበቡት ቧንቧዎች ውስጥ ተጨንቆ ሲያልፍ የሚሰማ ነው።

አንቲባዮቲክ ለምን አይሰጥም?

እንደ አሞክሲሲሊን ያለ አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን የሚገድለው የባክቴሪያው ግድግዳ እንዳይገነባ በማድረግ ነው። ቫይረስ ግን እንዲህ ያለ ግድግዳ የለውም። የሚራባውም በሕፃኑ በራሱ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ የሚያጠቃው ነገር አያገኝም። አንቲባዮቲክ የወሰዱና ያልወሰዱ ሕፃናትን ያነጻጸሩ ጥናቶችም መድኃኒቱ የሕመሙን ቀናት እንደማያሳጥር አሳይተዋል። የአስም መተንፈሻ መድኃኒቶች፣ ስቴሮይድና የሳል ሽሮፕም ቢሆኑ ለዚህ ሕመም በመደበኛነት አይመከሩም።

አንዳንድ ቤተሰቦች «ባይጠቅም እንኳ አይጎዳም» በሚል ከቀድሞ ሕመም የተረፈ ሽሮፕ ለሕፃኑ ይሰጣሉ። ነገር ግን አንቲባዮቲክ ተቅማጥና ትውከት ሊያስከትል ይችላል። መጥባት ያቃተው ሕፃን ያለውን ጥቂት ፈሳሽ በተቅማጥ ሲያጣ፣ ቀላል የነበረው ሕመም ሆስፒታል የሚያስተኛ ይሆናል። ከዚህም ሌላ ያለ ቦታው የተሰጠ መድኃኒት ባክቴሪያዎች እንዲላመዱት በር ይከፍታል።

ይህ ማለት ግን የሚያስል ሕፃን ሁሉ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም ማለት አይደለም። የሳንባ ምች በባክቴሪያ ሊመጣ ይችላል፤ አልፎ አልፎም በብሮንኪዮላይተስ ላይ ይደረባል። ትኩሳቱ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ አልበርድ ሲል፣ በማዳመጫ ሲሰማ ለውጡ በአንድ በኩል ባለው ሳንባ ላይ ብቻ ሲሆን፣ ወይም መሻል የጀመረው ሕፃን እንደገና ሲብስበት ሐኪሙ ይህንኑ ይጠረጥራል። በጤና ኬላ ደረጃ ደግሞ ሁለቱን ሕመሞች መለየት አስቸጋሪ ነው። ዕድሜው ከ2 እስከ 12 ወር የሆነ የሚያስል ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲተነፍስ ባለሙያው በሳንባ ምች መድቦ አሞክሲሲሊን ሊያዝለት ይችላል፤ ያልታከመ የሳንባ ምች ገዳይ በመሆኑ ጥንቃቄው ተገቢ ነው። እንዲህ የታዘዘን መድኃኒት ወላጆች በራሳቸው ውሳኔ ማቋረጥ የለባቸውም። ያለ ባለሙያ ምርመራ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መስጠት ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነገር ነው።

የአመጋገብ ድጋፍ

ሕፃናት በሚጠቡበት ጊዜ በዋነኛነት የሚተነፍሱት በአፍንጫቸው ነው። አፍንጫው የተደፈነ ሕፃን ጡት ጎርሶ ጥቂት ከሳበ በኋላ ለመተንፈስ ይለቃል፣ ያለቅሳል፣ ይደክመዋል፤ የራበው መሆኑ እየታወቀም አይጠባም። ስለዚህ ከመጥባቱ በፊት በጤና ተቋም የተሰጠውን የአፍንጫ ጨዋማ ጠብታ በየቀዳዳው ጠብ አድርጎ፣ የወጣውን ንፍጥ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ መተላለፊያውን ይከፍትለታል። ቀጥሎም ቀና አድርጎ ይዞ፣ በየሁለት ሰዓቱ ወይም ከዚያ ባጠረ ጊዜ ጥቂት ጥቂት ማጥባት ይገባል። የሞላ ጨጓራ ድያፍራም የተባለውን የመተንፈሻ ጡንቻ ወደ ላይ ስለሚገፋ፣ አንድ ጊዜ አብዝቶ ከማጥባት ይልቅ ትንሽ ትንሹን ደጋግሞ ማጥባት ይሻላል። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ውኃ ወይም የአብሽ ውኃ አያስፈልገውም፤ የእናት ጡት ወተት ፈሳሽም ምግብም ነው። ቅቤ ማዋጥና በአፍንጫ ቅቤ መጨመር ደግሞ ቅባቱ ወደ ሳንባ ገብቶ ሌላ ጉዳት ስለሚያመጣ አደገኛ ነው። እንጥል ማስቆረጥም ከበሽታው ጋር የማይገናኝ፣ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን የሚያጋልጥ ድርጊት ነው።

ሕፃኑ ከወትሮው ከግማሽ በታች ሲጠባ፣ ወይም ለ12 ሰዓት ያህል ሽንት ሳይሸና ሲቀር የቤት እንክብካቤ አልበቃም ማለት ነው። በሆስፒታል የታለበው የእናት ጡት ወተት በአፍንጫ ወይም በአፍ በኩል ወደ ጨጓራ በሚገባ ቀጭን ቱቦ ይሰጠዋል። ሕፃኑ ለመሳብ ጉልበት ሳያወጣ ይመገባል፤ ጉልበቱም ለመተንፈስ ይተርፈዋል። ትንፋሹ እጅግ የተጨነቀ ሕፃን ግን ወተቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ስለሚችል፣ እስኪረጋጋ ድረስ ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጠዋል። ይህም ሲሆን መጠኑ በጥንቃቄ ይለካል፤ በጽኑ የሳንባ ሕመም ጊዜ ሰውነት ውኃ የመያዝ ዝንባሌ ስላለው የበዛ ፈሳሽ ይጎዳል።

የኦክሲጅን ድጋፍ

ኦክሲጅን ቫይረሱን አይገድልም፣ እብጠቱንም አያጠፋም። በአክታ በተደፈኑት የሳንባ ክፍሎች በኩል የሚያልፈው ደም በቂ ኦክሲጅን ሳይዝ ይመለሳል። ወደ ሕፃኑ የሚገባው አየር በኦክሲጅን ሲዳብር፣ በከፊል ክፍት ወደሆኑት ቧንቧዎች የሚደርሰው ጥቂት አየር እንኳ ብዙ ኦክሲጅን ይዞ ይሄዳል። ሰውነት ቫይረሱን በራሱ እስኪያሸንፍ ድረስ አንጎልና ልብ የሚጠበቁት በዚህ መንገድ ነው።

የኦክሲጅን መጠን የሚለካው ፐልስ ኦክሲሜትር በተባለ፣ በሕፃኑ ጣት ወይም እግር ላይ በሚደረግ መሣሪያ ነው። ከ90 በመቶ በታች ሲሆን ኦክሲጅን ይጀመራል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ግን ጤነኛ ሰውም ዝቅ ያለ ንባብ ስለሚያሳይ፣ 87 በመቶ መነሻ ሆኖ ሊወሰድ ይችላል። እግሩ የቀዘቀዘ ወይም የሚንቀጠቀጥ ሕፃን መሣሪያው የተሳሳተ ቁጥር እንዲያሳይ ያደርጋል፤ በመሆኑም እግሩን አሙቆና አረጋግቶ እንደገና መለካት ያስፈልጋል።

ሂደቱን በአንድ ምሳሌ መመልከት ይቻላል። የአራት ወር ዕድሜና የ6 ኪሎ ግራም ክብደት ያለው ሕፃን፣ ታላቅ እኅቱ ጉንፋን ከያዛት በኋላ በአፍንጫ ፈሳሽ ይጀምረዋል። በአራተኛው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሲደርስ በደቂቃ 64 ጊዜ ይተነፍሳል፣ ደረቱ ይሰረጉዳል፣ ከወትሮው ግማሹን እንኳ አልጠባም፤ የኦክሲጅን መጠኑም 86 በመቶ ነው። ወደ ሆስፒታል ተልኮ በአፍንጫ ቀዳዳ በሚደረግ ሁለት ጫፍ ባለው ቱቦ በደቂቃ 1 ሊትር ኦክሲጅን ሲሰጠው ወደ 93 በመቶ ይወጣል። ለቀኑ በኪሎ ግራም 100 ሚሊ ሊትር፣ በድምሩ 600 ሚሊ ሊትር የታለበ የእናቱ ወተት ይታሰብለትና በየሁለት ሰዓቱ 50 ሚሊ ሊትር በመመገቢያ ቱቦ ይሰጠዋል። ትኩሳቱ 38 ዲግሪ በመሆኑና ድምፁ በሁለቱም ሳንባዎች እኩል በመሰማቱ ሐኪሙ አንቲባዮቲክ አይጀምርም፤ በየዕለቱ ግን ደጋግሞ ይመረምረዋል።

በዚያው ሌሊት መጠኑ በድንገት ወደ 88 በመቶ ቢወርድ ነርሷ ኦክሲጅኑን ከመጨመሯ በፊት ቱቦው በንፍጥ መደፈኑን ወይም ከአፍንጫው መውጣቱን ትመለከታለች፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያው ይገኛል። እናትም ይህንኑ ማየትና ነርሷን መጥራት ትችላለች፤ የኦክሲጅኑን ማስተካከያ ራሷ መንካት ግን የለባትም። ኦክሲጅን እሳትን ስለሚያባብስ በአካባቢው ክብሪት፣ ሻማ ወይም ሲጋራ አይለኮስም። በስድስተኛው ቀን ሕፃኑ ሲረጋጋ ኦክሲጅኑ ቀስ በቀስ ይቀነስና ለአጭር ጊዜ ተነሥቶ ይለካል፤ ከ90 በመቶ በታች ከወረደ ይመለስለታል። ያለ ኦክሲጅን ተኝቶም ሳለ መጠኑ ሳይወርድ ሲቆይና በቂ ሲጠባ ወደ ቤቱ ይሸኛል።

ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ሳሉ እስከ ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ ይህ ብቻውን አንቲባዮቲክ ለመጀመር ምክንያት አይሆንም። ሕፃኑ ከማገዶ፣ ከከሰል፣ ከዕጣንና ከሲጋራ ጭስ ርቆ መቆየት ይኖርበታል። ትንፋሹ ለጥቂት ሴኮንዶች እንኳ ከተቋረጠ፣ ከንፈሩ ወይም ምላሱ ከጠቆረ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ካቃሰተ፣ መጥባት ጨርሶ ካቆመ ወይም ለመቀስቀስ ካስቸገረ ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ፣ የልብ ሕመም ያለባቸውና ሁለት ወር ያልሞላቸው ሕፃናት ደግሞ እነዚህ ምልክቶች እስኪታዩ ሳይጠበቅ፣ መጥባት መቀነሳቸው እንደታየ ይወሰዳሉ፤ በእነርሱ ላይ ከሳሉ በፊት የትንፋሽ መቋረጥ ሊቀድም ይችላልና።