ምሕላና ምጽዋት በ1847፦ ለአየርላንድ ረሃብ ከሮም የተጻፈው መልእክት

እ.ኤ.አ. ማርች 25 ቀን 1847 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 9ኛ በዓለም ዙሪያ ላሉ የካቶሊክ ጳጳሳት ሁሉ አንድ መልእክት ጻፉ። በመንበሩ ከተቀመጡ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። መልእክቱ አጭር ነው፤ ጉዳዩም አንድ ብቻ ነው። አየርላንድ ተርቧልና ጸልዩ፣ እጃችሁንም ዘርጉ ይላል።

መልእክቱን ሳነበው ቀድሞ የሚይዘኝ የነገሩ ቅደም ተከተል ነው። ፒዮስ ሌላውን ከመጠየቃቸው በፊት ራሳቸው ያደረጉትን ያስቀምጣሉ። የረሃቡ ወሬ እንደደረሳቸው በሮም ከተማ ሕዝባዊ ጸሎት እንዲደረግ አዘዋል፤ ካህናቱና የከተማው ሰው እንዲለግስ ቀስቅሰዋል፤ ከራሳቸውም ገንዘብ 1,000 የሮም ስኩዲ ሰጥተዋል። የተሰበሰበው ተጠቃሎ ለአየርላንድ ሊቃነ ጳጳሳት ሄዷል፤ እነርሱም የየአካባቢውን ችግር አይተው እንዲያከፋፍሉ ነው የተባለው። ነገር ግን ከአየርላንድ የሚመጣው ደብዳቤ መከራው እየባሰ መሄዱን እንጂ መቅለሉን አልነገራቸውም። ስለዚህ ሮም ብቻዋን የጀመረችውን ዓለም ሁሉ እንዲያግዝ ጠየቁ።

እነዚያን ደብዳቤዎች እየተቀበለ ጉዳዩን በሮም የሚከታተል አንድ ሰው ነበር። በሮም የአየርላንድ ኮሌጅ አስተዳዳሪ የነበረው ካህን ፖል ከለን ለአየርላንድ ጳጳሳት በከተማይቱ እንደ እንደራሴ ሆኖ ይሠራ ነበር። የአየርላንድ ጳጳስ ምሬቱን የሚጽፈው ለእርሱ ነው፤ ከእርሱም ወደ ቫቲካን ያልፋል።

መልእክቱ የሚያዘው ግልጽ ነው። በየሀገረ ስብከቱ፣ ጳጳሱ በመረጠው ቤተ ክርስቲያን የሦስት ቀን ምሕላ ይደረግ። በምሕላው ለተገኘ ምእመን ለየጊዜው የሰባት ዓመት የቅጣት ይቅርታ ይሰጠዋል፤ ሦስቱንም ቀን ተገኝቶ በዚያው ሳምንት ንስሐ ገብቶ ለቆረበ ሙሉ ይቅርታ ይሰጠዋል። ጳጳሱ ደግሞ ሕዝቡን ለአየርላንድ እንዲመጸውት ይምከር። ስንት ይሰጥ የሚል መጠን የለውም። ሰው ለምሕላ በተሰበሰበበት፣ ልቡ በተነካበት ሰዓት ምጽዋቱ እንዲጠየቅ ነው የተደረገው። ጸሎቱና ሳንቲሙ አንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ቀን እንዲገናኙ ማድረጉ በእኔ አስተያየት የመልእክቱ ዋና ብልሃት ነው።

ለመሆኑ ይህ ገንዘብ እዚያ ደርሶ ምን ይሠራ ነበር? እንደሚታወቀው የረሃቡ መነሻ የድንች በሽታ ነው። በ1845 የመጣው በሽታ በ1846 ሰብሉን ጠቅልሎ አጠፋው፤ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ከመሬት ሥር ያለው ድንች ይበሰብሳል። ከስምንት ሚሊዮኑ ሕዝብ ሲሶው ገደማ ያለ ድንች የሚኖር አልነበረም፤ አንድ ጎልማሳ ሠራተኛ በቀን አምስት ኪሎና ከዚያም በላይ ይበላ ነበር። ድንቹ ሲጠፋ ግን ገበያው ባዶ አልሆነም። የጠፋው የድሃው መግዣ ነው።

መንግሥት ሰውን መንገድ ሥራ አሰማራ፤ በማርች 1847 በዚህ ሥራ ላይ የነበረው ሰው ከ700,000 ይበልጣል። የቀን ደመወዙ በብዙ ቦታ 8 ፔንስ ገደማ ነበር። በየካቲቱ አጋማሽ፣ በእነርሱ ፌብሩዋሪ፣ አንድ ቶን የበቆሎ ዱቄት 19 ፓውንድ ያወጣ ነበር። አንድ ፓውንድ 240 ፔንስ ነውና 8 ፔንስ በጅምላው ዋጋ እንኳ ሁለት ኪሎ የማይሞላ ዱቄት ነው የሚገዛው። ስድስት ነፍስ ላለበት ቤት ሲካፈል ለአንድ ሰው 300 ግራም አይደርስም። የመንደሩ ቸርቻሪ ትርፉን ሲጨምርበት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። አባወራው በታመመ ቀን ያቺም የለችም።

አሁን የምጽዋቱን ጉልበት እንመልከት። በዚያ ሰሞን ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ፓውንድ 53 ኪሎ ዱቄት ይገዛል፤ ለዚያ ቤት የአንድ ወር ያህል ደመወዝ ማለት ነው። የየሰበካው ካህን ደግሞ ማን ቤት ጭስ እንደማይወጣ ያውቃል። ከሊቀ ጳጳሱ ወደ ጳጳሱ፣ ከጳጳሱ ወደ ካህኑ የተዘረጋው መስመር ከረሃቡ በፊትም ስለነበረ አዲስ ቢሮ መክፈት አላስፈለገም። ችግሩ ካህናቱም በተስቦ አብረው መሞታቸው ነበር፤ በሽተኛ ሊያናዝዝ የገባ ካህን ከነቅማሉ ነበር የሚወጣው።

የሮምን ደብዳቤ ሳይጠብቁ የጻፉም ነበሩ። የቦስተኑ ጳጳስ ጆን ፊትዝፓትሪክ ከአየርላንድ ስደተኞች የተወለዱ፣ መንበሩን ከያዙ ገና ስድስት ወር ገደማ የሆናቸው ሰው ነበሩ። በፌብሩዋሪ 1847 መጀመሪያ ለምእመናናቸው መልእክት አስተላለፉ። ሰሚዎቻቸው በአብዛኛው ቀን ሠራተኞችና የቤት አገልጋዮች፣ እነርሱም የአየርላንድ ልጆች ናቸው። በጥቂት ሳምንታት 20,000 ዶላር ገደማ ተሰብስቦ ወደ አርማው ሊቀ ጳጳስ ዊልያም ክሮሊ ተላከ። የከተማዋም ነዋሪ ሃይማኖት ሳይለይ ተነሣሥቶ፣ ጄምስታውን የተባለችውን የጦር መርከብ 800 ቶን ያህል እህልና ቁሳቁስ ጭኖ በማርች 28 አስነሣት። በአፕሪል 12 ኮርክ ወደብ ገባች።

መርከቧ በ15 ቀን ስትደርስ የሮም መልእክት መንገዱ ይረዝማል። በፖስታ ለየጳጳሱ ይሄዳል፤ ጳጳሱ የራሱን ቃለ ምዕዳን ጽፎ ለየሰበካው ያስነብባል፤ ምሕላው ቀን ይቆረጥለታል፤ ገንዘቡ ይለቀማል፣ ይመነዘራል፣ ይላካል። ይህ ሁሉ ጸደዩን በልቶ ወደ በጋቸው መዳረሻ ይገፋል። በዚህ መካከል በቆሎ ከአሜሪካ በብዛት ገብቶ ዋጋው ወረደ፤ በኦገስት መጨረሻ ቶኑ ሰባት ፓውንድ ተኩል ገደማ ሆነ። ያው አንድ ፓውንድ አሁን 135 ኪሎ ይገዛል። ዘግይቶ የደረሰ ገንዘብ ብዙ ገዛ፤ በፌብሩዋሪና በማርች የሞተውን ሰው ግን አላገኘውም። መልእክቱ በጥር ወር ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ብዬ መመኘቴ አልቀረም።

የከፋው ግን የልግስናው ዕድሜ ማጠሩ ነው። ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ከእንግሊዝ በኩል አለ። ንግሥት ቪክቶሪያ በጃንዋሪ 1847 በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያዎች ሁሉ የሚነበብ ደብዳቤ አውጥተው ለአየርላንድና ለስኮትላንድ ተራቦች ከ170,000 ፓውንድ በላይ ተሰብስቦ ነበር። ከፒዮስ መልእክት በዋዜማው፣ በማርች 24 ደግሞ የጾምና የጸሎት ቀን ታውጇል። በኦክቶበር ሁለተኛ የንግሥቲቱ ደብዳቤ ሲነበብ የተገኘው 30,000 ፓውንድ ገደማ ነው።

በእነዚያ ዘጠኝ ወራት ረሃቡ አላለቀም። በሐምሌ ሦስት ሚሊዮን ሰው ይመግቡ የነበሩት የመንግሥት የሾርባ ማዕዶች በመስከረም ተዘጉ። የ1847 ድንች ጤነኛ ነበር፤ ነገር ግን ሰዉ ዘሩን በልቶት ስለነበር የተዘራው ጥቂት ነው። ጋዜጣው ጤነኛ ሰብል ብሎ ሲጽፍ ሰጪው ረሃቡ አለፈ ብሎ ተቀመጠ። አዲሱ የድሆች ሕግ ደግሞ ከሩብ ኤከር በላይ የያዘ ገበሬ መሬቱን ካልለቀቀ የመንግሥት እርዳታ አይሰጠውም አለ። በ1848 በሽታው ተመለሰ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ፒዮስ ራሳቸው አብዮት ከሮም አስወጥቷቸው በጋኤታ ከተማ ስደተኛ ሆኑ።

የቦስተንን ገንዘብ የተቀበሉት ሊቀ ጳጳስ ክሮሊ በአፕሪል 1849፣ በስቅለት ዓርብ፣ በኮሌራ ሞቱ። በመንበራቸው የተተኩት፣ በዚያ ክረምት በሮም የአየርላንድን ደብዳቤ ይቀበሉ የነበሩት ፖል ከለን ናቸው። በ1850 አገራቸው ገቡ። በማግስቱ ዓመት በተደረገው ቆጠራ፣ በ1841 ከስምንት ሚሊዮን በላይ የነበረው የአየርላንድ ሕዝብ ስድስት ሚሊዮን ተኩል ሆኖ ተገኘ።