መቅላት በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ለምን ይደበቃል? የስልክ ፎቶስ ለምን ያታልላል?

ከጥቂት ወራት በፊት ማታ ላይ አንድ የሰፈራችን ልጅ የእናቱን እግር ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። «ሲስተር፣ እማዬ እግሯን እያመማት ነው። ቀልቷል እንዴ?» ይላል ከሥሩ የጻፈው። ፎቶውን አስፍቼ አየሁት። ጠይም እግር፣ ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ትንሽ ጠቆር ያለ፣ ሌላ ምንም የለም። «የቀላ ነገር አይታየኝም፤ እግሯን ከፍ አድርጋ ትተኛ፣ ነገ መጥቼ አያታለሁ» ብዬ መለስኩለት።

ተሳስቼ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሄጄ በእጄ ስነካው እግሯ እንደ ምጣድ ይፋጃል። ከሦስት ቀን በፊት እሾህ ወግቷት ነበር፤ በዚያች ቀዳዳ ጀርም ገብቶ ከቆዳዋ ሥር እየተሰራጨ ነው። ሐኪሞች ሴሉላይተስ የሚሉት ሕመም ነው። ቶሎ ካልታከመ ጀርሙ ወደ ደም ሊገባና ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። እኔ ደግሞ ነርስ ነኝ፤ ዓመታት ሠርቻለሁ። የተሳሳትኩት በፎቶ ውስጥ ቀይ ቀለም ፈልጌ ስላጣሁ ነው። ይህን የምጽፈው እናንተም ለዘመድ፣ ለሐኪም ወይም ለጤና ሠራተኛ ፎቶ ስትልኩ ያው እንዳይደገም ነው።

ቀዩ የት ሄደ?

የቆዳችን የላይኛው ስስ ሽፋን ሜላኒን የሚባል ቡናማ ቀለም አለው። የደም ሥሮች የሚገኙት ከዚህ ሽፋን በታች ነው። አንድ ቦታ ሲቆጣ የደም ሥሮቹ ይሰፋሉ፣ ብዙ ደም ይመጣል፤ «ቀላ» የምንለው ይህንን ነው። ደሙ በነጭ ሰውም በጥቁር ሰውም እኩል ይበዛል። ልዩነቱ ብርሃኑ ወደ ዓይናችን የሚደርስበት መንገድ ላይ ነው። ብርሃን ወደ ቆዳ ሲገባ ሜላኒኑን ያልፋል፣ ሲመለስም እንደገና ያልፈዋል። በመንገዱ ብዙው ይዋጣል።

አንድ ቀይ ክር ወስዳችሁ ከሻይ ብርጭቆ ጀርባ አስቀምጡት። ሻዩ ቀጭን ከሆነ ክሩ ቀይ ይመስላል። ወፍራም ከሆነ ግን ቡናማ ወይም ጠቆር ያለ ነገር ብቻ ነው የምታዩት። ክሩ አልተለወጠም። ስለዚህ በቀይ ዳማ ሰው ላይ መቅላቱ ደብዘዝ ብሎም ቢሆን ይታያል። በጠይም ሰው ላይ ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ይመስላል። በጣም በጠቆረ ቆዳ ላይ ደግሞ ከአካባቢው ትንሽ የጠቆረ ወይም ግራጫ የመሰለ ጥላ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ብዙዎቻችን ሕመምን የተማርነው በነጭ ሰው ቆዳ ላይ ከተነሱ የመጽሐፍ ሥዕሎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በለንደን የሕክምና ተማሪ የነበረው ማሎን ሙክዌንዴ ከሁለት መምህራኑ ጋር ሆኖ ሕመሞች በጥቁር ቆዳ ላይ ምን እንደሚመስሉ የሚያሳይ መጽሐፍ አዘጋጅቶ በነፃ አሰራጭቷል። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለ መጽሐፍ መጻፍ ማስፈለጉ ራሱ ችግሩን ይናገራል።

ከዓይን በፊት እጅ

ወደ ታማሚዋ ልመለስ። መጀመሪያ የእጄን ጀርባ በታመመው እግሯ ላይ፣ ቀጥሎም በደህናው እግሯ በዚያው ቦታ ላይ አደረግኩ። የእጅ ጀርባ ሙቀት ለመለየት ከመዳፍ ይሻላል። አንደኛው ይፋጃል፣ ሌላው ቀዝቃዛ ነው። ቀጥሎ ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን አየሁ። የታመመው አብጧል፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል፣ የቁርጭምጭሚቷ አጥንት ጠፍቷል። በጣቴ ቀስ ብዬ ስጫነው ጉድጓዱ ቀረ፣ እሷም ጮኸች። ከዚያ ብሽሽቷን እንድትዳስስ ጠየቅኳት፤ እዚያ የሚያም እብጠት አገኘች። ቀለም ሳላይ መልሱን አገኘሁት፦ ሙቀት፣ እብጠት፣ ሕመም፣ የተወጠረ ቆዳ።

ሙቀቱ የሚያልቅበትን ጠርዝ በእጄ እየፈለግኩ በእስክሪብቶ ዙሪያውን መስመር አሰመርኩ፤ ሰዓቱንም ጻፍኩበት፦ ጠዋት ሦስት ሰዓት። ክሊኒኩ ወረፋ ስላለው እስከ ሰባት ሰዓት ጠበቅን። ያን ጊዜ ሙቀቱ መስመሩን በሁለት ጣት ስፋት አልፎ ነበር። ሐኪሙ መስመሩን ሲያይ ብዙ አልጠየቀንም፤ ያኑኑ ቀን መድኃኒት ተጀመረላት።

እግሯ ዳነ። ግን ሌላ ጭንቀት መጣ፤ ቦታው ከበፊቱ የበለጠ ጠቁሮ ቀረ። «አልዳንኩም፣ መድኃኒቱ ይጨመርልኝ» ትል ጀመር። ጠይም ቆዳ ከተቆጣ በኋላ ተጨማሪ ሜላኒን ይሠራል፤ ጥቁረቱ ለወራት ይቆያል። ልዩነቱን የሚነግራችሁ አሁንም እጃችሁ ነው። ቦታው ካልሞቀ፣ ካላበጠ፣ ሲነካ ካላመመ፣ የቀረው ጠባሳ ቀለም እንጂ ሕመም አይደለም።

ሽፍታም እንደዚሁ ነው። የልጅ ሽፍታ ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል፣ ግን ጣታችሁን ቀስ ብላችሁ ብታንሸራትቱ እንደ አሸዋ ይሻክራል። ኩፍኝ በሚገባበት ጊዜ ትኩሳት፣ ሳል፣ የሚፈስ አፍንጫና የቀላ ዓይን ያለው ልጅ ከጆሮው ጀርባና ፊቱ ላይ እንዲህ ከሻከረ፣ ቀይ እስኪሆን አትጠብቁ።

የማይጠፋው ነጠብጣብ

አንድ የሽፍታ ዓይነት ግን ቀለሙ የግድ መታየት አለበት፦ ከቆዳ ሥር የሚፈስ ደም። በማጅራት ገትርና በደም መመረዝ ጊዜ ትናንሽ ነጠብጣቦች ይወጣሉ። ተራ ሽፍታን በብርጭቆ ስትጫኑት ይደበዝዛል፣ ምክንያቱም ደሙ ገና በሥሩ ውስጥ ስለሆነ ተገፍቶ ይሄዳል። የፈሰሰ ደም ግን የሚሄድበት የለውም፤ ብርጭቆውን ብትጫኑም አይጠፋም።

በጥቁር ቆዳ ላይ ይህን ሙከራ ክንድ ወይም ጀርባ ላይ ብታደርጉ ምንም ላታዩ ትችላላችሁ። ሜላኒን ወደሚያንስበት ቦታ ሂዱ፦ መዳፍ፣ የእግር ውስጥ፣ የታችኛው የዓይን ቆብ ውስጠኛ ክፍልና የአፍ ጣሪያ። ብርጭቆ ተጭኖት ያልጠፋ ነጠብጣብ ከትኩሳት ጋር ካያችሁ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሕክምና ሩጡ። ትኩሳት ያለበት ሰው አንገቱ ከደረቀ ወይም ግራ ከተጋባ ደግሞ ነጠብጣብም አትፈልጉ፤ ሽፍታው ዘግይቶ ሊመጣ ወይም ጭራሽ ላይወጣ ይችላል።

ምት ያረፈበት ቆዳ

የበለዘ ቦታም የፈሰሰ ደም ነው። በነጭ ቆዳ ላይ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ እያለ ሲቀያየር ይታያል። በእኛ ላይ ጠቆር ያለ ጥላ ሆኖ ይቀራል፣ አረንጓዴና ቢጫው ብዙ ጊዜ አይለይም። ስለዚህ የተደበደበ ሰው «ምንም ምልክት የለበትም» ሊባል ይችላል። ይህ ደግሞ በካምፕ ውስጥ ለጥበቃ አቤቱታ የሚያቀርብን ሰው ይጎዳል።

ለመዘጋጃ የሚሆነው ይሄ ነው። የሚያመውንና ያበጠውን ቦታ ሁሉ በጣት ፈልጉ፣ በወረቀት ላይ የሰው ምስል ሥላችሁ ምልክት አድርጉበት፣ ቀኑን ጻፉ። ጥልቅ ምት ወደ ላይ የሚወጣው ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ሳይሆን በሦስተኛውም ፎቶ አንሱ። የጉዳቱን ዕድሜ ከቀለሙ መገመት ግን በማንም ቆዳ ላይ አስተማማኝ አይደለም፤ እንዲህ የሚላችሁ ካለ በዚያ ብቻ አትስማሙ። ሌላው ጥንቃቄ፦ ብዙ ጥቁር ሕፃናት ሲወለዱ ወገባቸውና መቀመጫቸው ላይ ሰማያዊ ግራጫ ምልክት አለባቸው። የድብደባ ምልክት አይደለም፣ አያምም፣ አያብጥም፣ ከዕድሜ ጋር ይደበዝዛል።

ካሜራው ምን ያደርጋል?

የዚያን ልጅ ፎቶ ኋላ ላይ ደግሜ አየሁት። እናቱ ነጭ አንሶላ ላይ ተቀምጣለች፣ መብራቱ የሶላር አምፖል ነው፣ ከላይ ሰማያዊ ሸራ አለ። ስልክ የሚያየውን ሁሉ አማካይ ብሩህ ሊያደርገው ይሞክራል። አንሶላው በጣም ሲያበራበት ሙሉውን ምስል ያጨልማል፤ እግሯ ጭለማ ውስጥ ገባ። ርካሽ አምፖል ቀይ ብርሃን ያንሰዋል፤ ሰማያዊ ሸራ ደግሞ ቀዩን ይውጠዋል። ቀይ ብርሃን ካልደረሰበት ቀይ ነገር ጥቁር ነው የሚመስለው። በዚያ ላይ ቆዳ የሚያለሰልስ ፊልተር ስልኩ ላይ በርቶ ነበር፤ የተወጠረውን ቆዳና እብጠቱን ሁሉ አስተካክሎ አሳመረው!

አሁን ለሰው የምናገረው እንዲህ ነው። በቀን፣ ከሸራው ወጥታችሁ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ጥላ ውስጥ አንሱ። ቅባትና ቫዝሊን ካለ ጥረጉ፤ ፍላሽና ፊልተር አጥፉ። ነጭ ጨርቅ ሥር አታድርጉ፤ ጥቁር ወይም ግራጫ ነጠላ ልብስ ይሻላል። ከማንሳታችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ የታመመውን ቆዳ በጣት ንኩት፤ ካሜራው ብርሃኑን በሱ ልክ ያስተካክላል።

አንድ ፎቶ አይበቃም፣ አራት ላኩ። አንደኛው ከሩቅ፣ የሰውነቱ የት ክፍል እንደሆነ የሚያሳይ። ሁለተኛው ከአንድ ስንዝር ርቀት፣ አጠገቡ ሳንቲም ተቀምጦ። ሦስተኛው ብርሃኑ ከጎን እየመጣ፤ ያበጠ ነገር ጥላ ስለሚጥል ይታያል። አራተኛው የደህናው እግር ወይም እጅ በዚያው ብርሃን፤ ይህ ከሁሉም የሚጠቅመው ነው፣ ምክንያቱም የሚያየው ሰው የታማሚውን ትክክለኛ ቀለም አያውቅም። በዋትስአፕ ከሆነ HD የሚለውን ምረጡ፣ በቴሌግራም ከሆነ እንደ File ላኩት፤ አለዚያ ምስሉ ተጨምቆ ቀለሙ ይጠፋል። ፊት እንዳይገባ፣ ታማሚውም ሳይፈቅድ እንዳትልኩ።

ከሥሩ ደግሞ ካሜራ የማያየውን ጻፉ። ያ ልጅ «ከደህናው እግሯ ይሞቃል፣ አብጧል፣ ሲነካ ታለቅሳለች፣ ትናንት ቁርጭምጭሚቷ ላይ ነበር፣ ዛሬ ወደ ላይ ወጥቷል» ብሎ ቢጽፍልኝ ኖሮ ፎቶውን ሳልከፍተው ጫማዬን አደርግ ነበር።