የጉድለት እርማት ማረጋገጫ ደብዳቤ

የጉድለት እርማት ማረጋገጫ ደብዳቤ በሕንፃ ሥራ ማብቂያ ላይ አማካሪ መሐንዲሱ ለአሠሪው የሚጽፈው ሰነድ ነው። በጊዜያዊ ርክክብ ወቅትና ከዚያ በኋላ የተመዘገቡት ጉድለቶች መታረማቸውን ያረጋግጣል፤ ከተቋራጩ ክፍያ ተቀንሶ የተያዘው ገንዘብ (በሙያው አጠራር ሪቴንሽን) እንዲለቀቅም ሐሳብ ያቀርባል። በኢትዮጵያ ውሎች ከየክፍያ ሰርተፍኬቱ የሚያዘው ብዙ ጊዜ 5 በመቶ ነው። ግማሹ በጊዜያዊ ርክክብ ይለቀቃል፤ ቀሪው የጉድለት ኃላፊነት ጊዜው፣ በአብዛኛው አንድ ዓመት፣ እስኪያልፍና ጉድለቶቹ እስኪታረሙ ይቆያል።

የደብዳቤው ዋጋ የሚለካው ምርመራው በተደረገበት ወቅት ጭምር ነው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር በተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ በመሆኗ የድጋፍ ግንብና የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ የሚፈተኑት በክረምት ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ ዝቅ ብላ በቦርከና ሸለቆ ትገኛለች። በሸለቆው ሜዳ መረሬ አፈር ላይ የቆመ ቤት አፈሩ በዝናብ ሲያብጥ ወለሉ ይነሳል፤ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በሰኔ መጀመሪያ ደርቆ የታየ ጣሪያ ታርሟል ማለት አይቻልም። ምርመራው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት ወይም በኅዳር ቢሆን የተሻለ ነው።

በኮምቦልቻ 24 ሚሊዮን ብር የወጣበት የትምህርት ቤት ሕንፃ በኅዳር ጊዜያዊ ርክክብ ተደርጎለታል እንበል። የተያዘው 1.2 ሚሊዮን ብር ነበር፤ ግማሹ ተለቅቆ 600 ሺህ ቀርቷል። ከዓመት በኋላ መሐንዲሱ፣ የአሠሪው ተወካይና ተቋራጩ የጉድለት ዝርዝሩን ይዘው ክፍል በክፍል ይዞራሉ። በአንድ ግድግዳ ላይ ያለው ስንጥቅ በልስን ተሸፍኗል። ልስን ግን ስንጥቅን ይደብቃል እንጂ መቆሙን አያሳይም። መሐንዲሱ ከወራት በፊት ስንጥቁ ላይ የጂፕሰም ማኅተም አስለጥፎ ቀን ጽፎበት ከነበረና ማኅተሙ ክረምቱን ሳይሰነጠቅ ካሳለፈ፣ እንቅስቃሴው መቆሙን በልበ ሙሉነት ይጽፋል። አሸንዳው ላይ ውሃ ሲለቀቅ ግን አንዱ መገጣጠሚያ ያንጠባጥባል።

እዚህ ላይ «ሁሉም ታርሟል» ብሎ መፈረም ትልቅ ስህተት ነው፤ ገንዘቡን በሙሉ መያዝም ተቋራጩን ይበድላል። አሸንዳውን ማስተካከል 45 ሺህ ብር የሚፈልግ ከሆነ፣ ውሉ እስከፈቀደ ድረስ 555 ሺህ ብሩ እንዲለቀቅ፣ 45 ሺሁ ግን ጥገናው በውሃ ተፈትኖ እስኪረጋገጥ እንዲቆይ ሐሳብ ይቀርባል። በደብዳቤው ላይ የእያንዳንዱ ጉድለት ተራ ቁጥር፣ የታረመበት መንገድና የተረጋገጠበት ቀን ይሰፍራሉ፤ የሦስቱ ወገኖች ፊርማ ያለበት ቃለ ጉባኤም ይያያዛል።

የገንዘቡ መለቀቅ ተቋራጩን ከኃላፊነት ሁሉ ነጻ አያወጣውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተቋራጩ ለሕንፃው ጥንካሬ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ይደነግጋል።