የሚያስቆም ነገር ግን የማያታልል የሽፋን ርዕስ

በስልክ ላይ በጣት እየተገፋ በሚነበብ ተከታታይ ስላይድ ውስጥ አንባቢው በቅድሚያ የሚያየው ሽፋኑን ነው። ብዙዎች ከዚያ አልፈው አይሄዱም። ስለዚህ ሽፋኑ ጉጉት መፍጠር ብቻ ሳይሆን፣ እሱን ብቻ አይቶ ያለፈውንም ሰው አለማሳሳት ይጠበቅበታል።

ጆርጅ ሎዌንስታይን የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ጉጉት የሚነሳው ሰው በሚያውቀውና ሊያውቅ በሚፈልገው መካከል ክፍተት ሲታየው እንደሆነ አስረድተዋል። ክፍተቱ እንዲታይ ደግሞ አንባቢው አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር በርዕሱ ውስጥ መኖር አለበት።

በዱርቤቴና በአካባቢው በቆሎ ለሚያመርቱ አርሶ አደሮች ስለ አሜሪካ መጤ ተምች ስላይድ እናዘጋጅ እንበል። ተባዩ ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው በ2009 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ሙከራ «በቆሎዎን የሚያወድመው ጉድ ታወቀ!» የሚል ቢሆን፣ ጉዱ ምን እንደሆነ ሆን ብሎ ይደብቃል፤ ጥፋቱንም ያጋንናል። ፌስቡክ በ2017 እ.ኤ.አ. መረጃን የሚደብቁና የሚያጋንኑ ርዕሶችን ለየብቻ እየለየ ስርጭታቸውን እንደሚቀንስ ያስታወቀው በእነዚሁ ሁለት ጥፋቶች ምክንያት ነበር። «የዘንድሮው በቆሎ ለምን ጠፋ?» ብሎ መጠየቅም አያድንም፤ ጥያቄው በቆሎው መጥፋቱን እንደ እውነት አስቀድሞ ይናገራልና።

ሁለተኛው ሙከራ «ራሱ ላይ ‹ለ› የመሰለ ምልክት ያለውን ትል በዚህ ይለዩት» የሚል ነው። ይህ ይሻላል፤ ፊደሉንም በቆሎውንም አንባቢው ያውቃቸዋል። የመጤው ተምች ራስ ላይ ለ«ለ» ፊደል የሚቀርብ ነጣ ያለ መስመር በእርግጥ አለ። ሆኖም ተመሳሳይ መስመር በሌሎች ትሎች ላይም ሊታይ ስለሚችል፣ «በዚህ ይለዩት» ማለቱ ሽፋኑን ብቻ ያየውን ገበሬ ያሳስተዋል። ይበልጥ የሚያረጋግጠው በጅራቱ አቅራቢያ በአራት ማዕዘን ቅርጽ የተቀመጡ አራት ጥቋቁር ነጠብጣቦች ናቸው።

ስለዚህ ሦስተኛው እንዲህ ይሆናል፦ «በበቆሎዎ ውስጥ ያለው ትል መጤው ተምች ነው? ሁለት ምልክቶችን ይመልከቱ»። ተባዩ በስሙ ተጠርቷል፤ የቀረው ምልክቶቹ የት እንዳሉ ብቻ ነው። መልሱም በሁለተኛው ስላይድ መምጣት አለበት፤ ወደ ስድስተኛው ከተገፋ አንባቢው እንደተታለለ ይሰማዋል። ትሉ አድጎ ወደ ቅጠሉ እምብርት ከገባ መድኃኒት በቀላሉ ስለማይደርሰው፣ በትንሽነቱ መፈለግ እንደሚገባ ሦስተኛው ስላይድ ሊያስረዳ ይችላል።

ከመለጠፉ በፊት ሽፋኑን ለብቻው ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው አሳይቶ «ምን ተረዳህ?» ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። የተረዳው ነገር ውስጥ ካለው ጋር ከተጋጨ የሚቀየረው ርዕሱ ነው። ፎቶግራፉም ያው ፍተሻ ይደረግበታል፤ ከሌላ አገር የተወሰደ የወደመ ማሳ፣ ርዕሱ ያላለውን ሁሉ ይናገራል።