አንድ ሰው የቀረው!

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የሰፈር ኳስ ወሬ ከሩቅ አይሰማም። ቦታው አረካ ነው፤ ከሶዶ ወደ ሆሳዕና ስትሄዱ የምታገኟት ከተማ። ቡድኖቹንና ልጆቹን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ ከተማዋን ግን አልፈጠርኳትም።

ክረምት ነው፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። የሰፈር ውድድር ሊጀመር ነውና ልጆቹ ለመመዝገብ ተሰልፈዋል። መዝጋቢው ጋሼ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው ዝርዝሩን ያያሉ። ሦስት ማንቼ፣ ሁለት አርሴ።

«ልጆቼ፣ ይሄ ማንቼስተር አረካ ውስጥ ስንተኛው ሰፈር ነው?»

ዝም።

«የጦና ንቦችን ታውቃላችሁ አይደል?»

ማን የማያውቅ አለ! ወላይታ ድቻ ነዋ። ጦና የወላይታ የመጨረሻው ንጉሥ፤ ንቧ ደግሞ ትንሽ ብትሆንም ስትናደፍ የምታስሮጥ። በ2010 ዓ.ም. ያ ስም ያለው ቡድን ግዙፉን የግብፅ ዛማሌክ በመለያ ምት ከኮንፌዴሬሽን ካፕ ሲያሰናብተው፣ ቀልዱን ማንም አልፈጠረውም፤ ስሙ ራሱ አዘጋጅቶ ጠብቋል። አርባ ምንጮችም አዞዎቹ ናቸው። ንብና አዞ ሲገናኙ ደጋፊ እስኪበቃው ይቀልዳል፤ ማንም ግን አይሰደብም፤ እያንዳንዱ ቡድን በራሱ ስም ነው የሚጠራው።

ልጆቹ ስማቸውን ሊቀይሩ ሄደው ተመካከሩ። መጀመሪያ የተመለሱት የመናኸሪያ ሰፈር ልጆች ናቸው። «አንድ ሰው የቀረው» ብለው አስመዘገቡ። ረዳት የመኪና በር ላይ ተንጠልጥሎ ቀኑን ሙሉ የሚጮኸውን ነው እንግዲህ! ደግሞም እውነት ነው፤ ጨዋታ ሲጀመር ሁልጊዜ አሥር ናቸው፤ አሥራ አንደኛው ጫማ ሊዋስ ሄዷል። ራሳቸው ላይ ቀድመው ስለሳቁ ሌላ ሰው የሚስቅባቸው ነገር አላስተረፉም።

ይህን የሰሙ የገበያ ሰፈር ልጆች ወዲያው መልስ አመጡ፦ «ትርፍ አይጫንም»። ተከላካዮቻቸው ወፍራም እግር ያላቸው ናቸው፤ ከእነሱ አልፎ ጎል ላይ የሚጫን ኳስ የለም ማለታቸው ነው። እንሰት በሚያራቡት በእርሻ ምርምሩ በኩል ያሉት ደግሞ «ችግኝ» ተባሉ። አብዛኞቹ ትንንሾች ናቸው። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሲሸነፉ «ገና አልደረስንም» ይላሉ፤ ሲያሸንፉ ደግሞ «ገና ሳንደርስ ነው!» ይላሉ። እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄንን ነው፤ በሁለቱም በኩል ይሠራል። «ዋንጫው የኛ» ብሎ የተመዘገበ ቡድን ደግሞ ነበር፤ በመጀመሪያው ጨዋታ አምስት ለባዶ ተሸነፈና ሳምንቱን ሙሉ ገበያ መውጣት አቃተው።

አሁን የተበላሸውን ልንገራችሁ። አንድ ቡድን በተቀናቃኙ ሰፈር በሸክላ ሥራ ከሚተዳደሩ ቤተሰቦች ጋር የተያያዘ ስም ይዞ መጣ። ልጆቹ እየሳቁ ነው፤ ጋሼ አልሳቁም። ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ቀጥቃጩ በዚህ አገር ለዘመናት በሥራቸው ተንቀው ኖረዋል፤ ያንን በድምፅ ማጉያ ማስጠራት ሜዳ ዳር ላይ ያለችውን እናት ማሳቀቅ ነው።

«ጋሼ፣ ቀልድ እኮ ነው» አለ አምበሉ።

«እንግዲያስ እናንተ ተጠሩበት፤ ራሳችሁ ላይ ለጥፉት።»

አምበሉ ስሙ የተጻፈበትን ወረቀት አጠፈው። ዘር፣ ጎሳ፣ እምነት፣ የሰው አካልና ድህነትም በዚያው ወረቀት ውስጥ ታጥፈው ሄዱ። ጋሼ ያስቀሩላቸው ምግቡን፣ መኪናውን፣ እርሻውን፣ የራሳቸውን ማርፈድ ነው። ልጆቹም «ዳጣ» ተብለው ተመዘገቡ። ወዲያው ከኋላ ሌላ ቡድን «እኛ ርጎ ነን፣ እናበርዳቸዋለን» ብሎ ተሰለፈ።

እናም ጨዋታው ደረሰ፤ «አንድ ሰው የቀረው» ከ«ትርፍ አይጫንም»። አሥራ አንደኛው ልጅ እየሮጠ ሲገባ ሜዳው በሙሉ «ሞላ! ሞላ! ሂድ!» ብሎ ጮኸ፤ ከተቃራኒ ሰፈር ያሉት ይብሱ ነበር። ጎል ሲገባም የተቆጠረባቸው ልጆች በረኛቸውን «አንተ፣ ትርፍ ጫንክ እኮ!» አሉትና ሳቁ። የተሸነፈው ቡድን በራሱ ስም መሳቅ የቻለበት ጨዋታ ጠብ አልወለደም።

እናንተም በሰፈራችሁ ቡድን ስታቋቁሙ፣ ስሙን መዝገብ ላይ ከማስፈራችሁ በፊት ከተቀናቃኙ ሰፈር አንድ ልጅ ጥሩና አስነብቡት። ከሳቀ አስመዝግቡት፤ ከተኮሳተረ ሌላ ፈልጉ።