🙏 ምን ማለት ነው?

ይህ ምልክት ከጃፓን የስልክ ምልክቶች መጥቶ በ2010 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ የተሰጠው ስም «እጆቹን ያጋጠመ ሰው» የሚል ነበር። ስሙ የሚናገረው ስለ እጆቹ ብቻ ነው፤ ለምን እንደተጋጠሙ አይልም። ጃፓኖች እጃቸውን ገጥመው መቅደስ ፊት ይጸልያሉ፣ ከምግብ በፊት ያመሰግናሉ፣ ውለታ ይጠይቃሉ፣ ይቅርታም ይላሉ። አሻሚነቱ እንግዲህ ከምልክቱ ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

ታዲያ አንባቢ በምን ይለየዋል? እኔ የማየው ጉዳዩ በማን እጅ እንዳለ ነው። «ብሩ ደርሶኛል 🙏» ሲባል ነገሩ ስላለቀ ምስጋና ነው። «እስከ ዓርብ ብቻ ታገሰኝ 🙏» ውሳኔውን ለተቀባዩ ስለሚተው ልመና ነው። «እማዬ ነገ ኦፕራሲዮን ትገባለች 🙏» ሲሆን ግን ጉዳዩ ከሁለቱም እጅ ወጥቷል፤ ስለዚህ ጸሎት ነው። «ዛሬ አልመጣም 🙏» ላይ ጥፋቱ የላኪው በመሆኑ ይቅርታ ይሆናል።

ችግር የሚመጣው ምልክቱ ብቻውን ሲላክ ነው። «5,000 ብር ታበድረኛለህ?» ላለ ሰው 🙏 ብቻ ቢመለስለት እሺታ ነው ወይስ «አዝናለሁ፣ የለኝም»? ብዙዎች እምቢታ ብለው ያነቡታል፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ፣ እሺ ያለ ሰው የባንክ ሂሳብ ቁጥር ይጠይቃልና። ጠያቂው ራሱ ቀድሞ «አመሰግናለሁ 🙏» ብሎ ከጨረሰ ደግሞ ምስጋና መስሎ የገባ ልመና ነው።